የተከፈለበት፣ ያልተነበበ

ሰንዳፋ ውስጥ፣ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንድ የካርቶን ማምረቻ አለ። ከውጭ የሚገባ ጥቅል ወረቀት እየገዛ የማሸጊያ ካርቶን ይሠራል። ቢሮው አምስት የኢንሹራንስ ፖሊሲዎች ነበሩት፤ የእሳት፣ የዝርፊያ፣ የተሽከርካሪ፣ የገንዘብ ዝውውርና የሠራተኞች ጉዳት ካሳ። የአምስቱም አረቦን በየዓመቱ በቀኑ ይከፈል ነበር። በመጋቢት 2017 የወረቀት መጋዘኑ ተቃጠለ። የጠፋው ንብረት ዋጋ 9 ሚሊዮን ብር ነበር። ከኢንሹራንሱ የተከፈለው 2 ሚሊዮን 160 ሺህ ብር ነው።

ሰው ይህን ሲሰማ «ኢንሹራንስ እኮ እንዲህ ነው፤ ሲቀበል ይቸኩላል፣ ሲከፍል ይተኛል» ይላል። እንደዚያ ቢሆን ቁጭቱ ባልከፋ ነበር፤ የሚረገም ሌላ ሰው ይገኝ ነበርና። እኔ የተጠራሁት ከእሳቱ በኋላ ነው። ብዙ ዓመት በካሳ ክፍል ስለሠራሁ፣ አምስቱን ፖሊሲዎች ለቢሮ ኃላፊዋ በሚገባት መንገድ በአንድ ሠንጠረዥ እንዳጠቃልልላቸው ባለቤቱ ጠየቀኝ። የክፍያውን ስሌት ከፖሊሲው ጋር መስመር በመስመር አስተያየሁት። ስሌቱ ልክ ነው። የቀረው ገንዘብ የቀረው ፖሊሲው ላይ በግልጽ በተጻፉ፣ ነገር ግን በዚያ ቢሮ ውስጥ ማንም አንብቧቸው በማያውቅ ሁለት አንቀጾች ምክንያት ነው።

እንዳያነቡ ያደረጋቸውን ለመረዳት ወደ 2009 መመለስ ያስፈልጋል። መስከረም 22 ቀን 2009 በቢሾፍቱ የኢሬቻ በዓል ላይ ብዙ ሰው ከሞተ በኋላ ተቃውሞው በአዲስ አበባ ዙሪያ ወዳሉት ከተሞች ዘለቀ። በዚያው ሳምንት ሰበታ ላይ ሳይገን ዲማ የተባለው የቱርክ ባለሀብቶች የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቃጠለ፤ ሌሎች ድርጅቶችም ተጠቁ። ሳምንቱ ሳያልቅ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በቡራዩም፣ በሱሉልታም፣ በሰንዳፋም ያለ ፋብሪካና መጋዘን ሁሉ ያን ሰሞን አንድ ጥያቄ ይዞ ወደ ኢንሹራንሱ ደወለ፤ «የእኛ የእሳት ፖሊሲ እንዲህ ያለውን ይሸፍናል ወይ?»

መልሱ ብዙዎችን ያስደነገጠ ነበር። መደበኛ የእሳት ፖሊሲ የሚሸፍነው እሳትና መብረቅ ነው፤ ነገር ግን እሳቱ በሁከት፣ በአድማ ወይም በሕዝባዊ ረብሻ የተነሣ ከሆነ «አይመለከተኝም» የሚል አንቀጽ አለው። መጋዘኑ ያው መጋዘን፣ እሳቱም ያው እሳት ቢሆንም፣ ካሳ መኖር አለመኖሩን የሚወስነው ማን ለኮሰው የሚለው ነው። ሁከት፣ አድማና የተንኮል ጉዳት እንዲሸፈን የሚፈልግ ደንበኛ ተጨማሪ አረቦን ከፍሎ በማሻሻያ ወረቀት፣ በተለምዶ ኢንዶርስመንት በምንለው፣ ማስጨመር አለበት።

የሰንዳፋው ቢሮ ይህን አደረገ። በዚያው ዓመት የሁከት ኢንዶርስመንት ገዛ። ቢሮ ኃላፊዋ ከእሳቱ በኋላ ስንገናኝ በመጀመሪያ ያሳየችኝ ያንን ወረቀት ነው። በላስቲክ ተሸፍኖ ከፋይሉ ፊት ተቀምጧል። «ጋሼ፣ እኛ እኮ ከሰበታ ተምረን ነበር» አለችኝ።

ከሰበታ የተማሩት ግን አንዲት ጥያቄ ብቻ ነበር። ያስፈራቸውን ነገር ጠየቁ፣ መልሱን ገዙ፣ ፋይሉን ዘጉ። የእሳት ፖሊሲ አንድ ነገር እንዲህ ደብቆ ከያዘ፣ ሌላስ ምን ይዞ ይሆን ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ያ ሰሞን ከዳር እስከ ዳር ለማንበብ የተሻለ ጊዜ አልነበረም። ባለቤቱ ደንግጧል፣ ብሮከሩ ስልክ ያነሣል፣ ኢንሹራንሱም ደንበኛ እንዳይሸሸው ማብራሪያ ለመስጠት ዝግጁ ነበር። አንድ ከሰዓት በቂ ነበር። ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ሙሉ ያቺ አንድ ከሰዓት አልተገኘችም።

ያ በላስቲክ የተሸፈነ ወረቀት እንኳ ራሱ አልተነበበም ነበር። ከታች፣ በደቃቅ ፊደል፣ ረብሻው ወደ ሕዝባዊ አመፅ ደረጃ ከደረሰ ሽፋኑ እንደማይሠራ ይናገራል። ይህ እንግዳ አንቀጽ አይደለም፤ በዓለም ላይ በአብዛኛው የሁከት ማሻሻያ ውስጥ ያለ ነው። አመፅን፣ ሽብርንና የእርስ በርስ ግጭትን የሚሸፍነው የፖለቲካ ሁከትና ሽብር የሚባለው ሌላ፣ ራሱን የቻለ ሽፋን ነው። ስለዚህ ሦስት እርከን አለ። ተራው የእሳት ፖሊሲ ሁከትን አይነካም፤ የሁከት ኢንዶርስመንት ረብሻን ይዞ አመፅን ይተዋል፤ የፖለቲካ ሁከቱ ሽፋን የቀረውን ይይዛል። ቢሮው ሁለተኛው እርከን ላይ ቆሞ ሦስተኛው ላይ ያለ ይመስለው ነበር። ዕድል ሆኖ በዚህ በኩል አልተፈተነም። የተፈተነው ፈጽሞ ባልጠረጠረው በኩል ነው።

የመጋቢቱን እሳት ማንም አልለኮሰውም። ቅዳሜ ማታ ከአንድ ማሽን የኤሌክትሪክ ሰሌዳ ተነሥቶ ወደ ጥቅል ወረቀቱ ተዛመተ። የማታ ፈረቃው ማሽኑን ሳያጠፋ እንደወጣ ዘበኛው ተናገረ። በማግስቱ ባለቤቱ ለሥራ ከአገር ውጭ ነበር። ቢሮ ኃላፊዋ በስልክ ስታገኘው ሁለቱም አንድ ነገር ፈሩ፤ ማሽኑ ሳይጠፋ መቅረቱ የእኛ ቸልተኝነት ስለሆነ ኢንሹራንሱ አይከፍልም፣ ስለዚህ ማስታወቂያ ከመጻፋችን በፊት ምን እንደምንል እናስብ። በመካከሉ ውኃ የጠጣውና የተቃጠለው ወረቀት መሽተት ጀመረ። ሠራተኛ ተቀጥሮ ተጠርጎ ወጣ። የጽሑፍ ማስታወቂያው ለኢንሹራንሱ የደረሰው በዘጠነኛው ቀን ነው።

እዚህ ላይ የሚያቃጥለው፣ የፈሩት ነገር ከመሠረቱ የሌለ መሆኑ ነው። የኢንሹራንስ ውልን ዛሬም የሚገዛው የ1952ቱ የንግድ ሕግ ክፍል ነው፤ በ2013 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ ይህን ክፍል አልተካውም። ሕጉ መድን ሰጪው አደጋው በመድን ገቢው ቸልተኝነት ቢደርስ እንኳ ኃላፊ እንደሆነ፣ ነጻ የሚያወጣው ሆን ተብሎ የተደረገ ጥፋት እንደሆነ ይደነግጋል። ማሽን ሳያጠፉ መውጣት ቸልተኝነት ነው። ቸልተኝነት ደግሞ ሰው ኢንሹራንስ ከሚገባባቸው ምክንያቶች ዋነኛው ነው። ያው ሕግ አደጋ መድረሱን መድን ገቢው እንዳወቀ፣ በአምስት ቀን ውስጥ ለመድን ሰጪው እንዲያስታውቅ ያዛል። ስለዚህ እነዚህ ሰዎች ከሌለ ክልከላ ሲሸሹ የነበረውን ቀነ ገደብ አሳለፉት።

ኢንሹራንሱ መዘግየቱን ምክንያት አድርጎ ጥያቄውን በሙሉ አልጣለውም፤ መብቱ እንደተጠበቀ ገልጾ የጉዳት ገማች ላከ። ገማቹ ሲደርስ ያገኘው የተጠረገ ወለል ነው። ጥቅል ወረቀት ከውጭ በኩል ብቻ ሲቃጠል መሐሉ ይተርፋል፤ ስንት ጥቅል ሙሉ በሙሉ እንደጠፋና ስንቱ በከፊል እንደተረፈ የሚታወቀው ቅሪቱ ሲቆጠር ነው። ፖሊሲው ደግሞ ቅሪቱ ገማች እስኪያየው ሳይነካ እንዲቆይ ያዛል። ገማቹ በግዥ ሰነድና በመጋዘን ካርድ ተማምኖ ከ9 ሚሊዮኑ የተቀበለው 6 ሚሊዮኑን ነው።

ሁለተኛው አንቀጽ ከዚህ የባሰ ነበር። የመጋዘኑ ዕቃ በፖሊሲው ላይ የተገመተው 12 ሚሊዮን ብር ነው። ይህ ቁጥር በ2014 የተሞላ ነበር፤ ያኔ ትክክል ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በአጭር ጊዜ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚመጣ ወረቀት ዋጋው አብሮ ዘለለ። ፋብሪካውም በዚያው ጊዜ ሥራው ሰፍቶ ስለነበር እሳቱ በተነሣበት ማታ መጋዘኑ ውስጥ የነበረው ዕቃ 30 ሚሊዮን ብር ያወጣል።

የእሳት ፖሊሲ ላይ የተመጣጣኝነት አንቀጽ የሚባል አለ። የተመዘገበው ገንዘብ ከንብረቱ እውነተኛ ዋጋ ካነሰ፣ ለጎደለው ድርሻ መድን ገቢው ራሱ የራሱ ኢንሹራንስ እንደሆነ ይቆጠራል። ይህ በንግድ ሕጉም አለ። ብዙ ሰው «12 ሚሊዮን ገብቻለሁ፣ የጠፋው 9 ሚሊዮን ነው፣ ስለዚህ 9ኙን አገኛለሁ» ብሎ ያስባል። ስሌቱ ግን እንዲህ ነው የሚሄደው። 12 ለ30 ሲካፈል ከመቶ 40 ነው። ስለዚህ ተቀባይነት ካገኘው 6 ሚሊዮን ውስጥ 40 በመቶው፣ ማለትም 2 ሚሊዮን 400 ሺህ ብር ይታሰባል። ከዚህ ላይ መድን ገቢው በራሱ የሚሸከመው 10 በመቶ ይቀነሳል። የቀረው 2 ሚሊዮን 160 ሺህ ነው።

መጠኑ ተስተካክሎ ቢሆንና ቅሪቱ ባይነካ ኖሮ ከ9 ሚሊዮኑ 10 በመቶው ብቻ ተቀንሶ 8 ሚሊዮን 100 ሺህ ብር ይከፈል ነበር። የመጠኑ ስሕተት ባለበት ሆኖ ቅሪቱ ብቻ ቢጠበቅ 3 ሚሊዮን 240 ሺህ ይደርስ ነበር። ስለዚህ ወለሉን መጥረግ 1 ሚሊዮን 80 ሺህ ብር በላ፤ ያረጀው ቁጥር ደግሞ ቀሪውን 4 ሚሊዮን 860 ሺህ። ፖሊሲው ላይ የተጻፈው የአረቦን ተመን ከሺህ 2 ብር ነው። ቁጥሩን ከ12 ወደ 30 ሚሊዮን ለማሳደግ በዓመት የሚያስፈልገው ተጨማሪ 36 ሺህ ብር ነበር።

የእድሳት ማስታወቂያው የመጣው መቼ እንደነበር ሳይ ደግሞ ወረቀቱን አስቀምጬ ወጣ ብዬ ነፋስ ተቀበልኩ። ፖሊሲው የሚታደሰው በነሐሴ ነው። ብር ከተንሳፈፈ ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ፣ የዋጋው ወሬ ገና በየቢሮው ትኩስ ሆኖ ሳለ፣ ኢንሹራንሱ «በተመዘገበው የንብረት መጠን ላይ ለውጥ አለ?» የሚል ቅጽ ልኮ ነበር። ከጥያቄው ጎን በሰማያዊ እስክሪብቶ «የለም» ተብሏል። የፈረመው ሒሳብ ክፍል ነው። በዚያው ሳምንት ያው ሒሳብ ክፍል ለደንበኞች የላከው ደብዳቤ በፋይሉ ውስጥ ነበር፤ ወረቀት ስለተወደደ የካርቶን ዋጋ እንደሚጨምር ያስታውቃል። ለመሸጥ ሲሆን ዋጋው መጨመሩን ያውቃሉ፤ ለመድን ሲሆን ለውጥ የለም። ሁለቱ ወረቀቶች በሁለት ፋይል ውስጥ ስለነበሩ እርስ በርሳቸው አልተያዩም።

እንዲተያዩ የሚያደርጋቸው ሠንጠረዡ ነበር። አሠራሩ ከባድ አይደለም፤ ቅደም ተከተሉ ግን ከተዛባ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። ብዙ ሰው ፖሊሲውን እንደ መጽሐፍ ከመጀመሪያው ገጽ ይጀምርና ትርጓሜዎቹ ላይ ይሰለቻል፤ አገራችን ውስጥ ፖሊሲ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ስለሚታተም መሰላቸቱ ቶሎ ይመጣል። መጀመር ያለበት ስኬጁል ከሚባለው፣ ስም፣ አድራሻ፣ ቀን፣ የንብረት ዝርዝርና መጠን ካለበት ገጽ ነው። ምክንያቱም የታተመው ጽሑፍ ለሁሉም ደንበኛ አንድ ነው፤ የአንተ የሆነው ይህ ገጽ ብቻ ነው። ቀጥሎ ከኋላ የተጣበቁት ኢንዶርስመንቶች ናቸው። እነሱ የታተመውን ጽሑፍ ይሽራሉ። ከላይ ያልተሸፈነ የተባለው ከኋላ ተሸፍኖ፣ ከላይ የተሸፈነው ከኋላ ተነሥቶ ሊገኝ ይችላል። የታተመው ጽሑፍ የሚነበበው በመጨረሻ ነው፤ ያኔም ሦስት ነገር ተፈልጎ። አንደኛ «አይሸፍንም» የሚሉ አንቀጾች፤ ሁለተኛ መድን ገቢው ይህን ካላደረገ ሽፋኑ አይሠራም የሚሉ ግዴታዎች፤ ሦስተኛ ቀንና ሰዓት የሚጠቅሱ አረፍተ ነገሮች በሙሉ።

ለሰንዳፋው ቢሮ ካዘጋጀሁት ውስጥ የሁለት ፖሊሲዎች ክፍል በአጭሩ ይህን ይመስላል፦

| ፖሊሲ | የሚሸፍነው | የማይሸፍነው | የእኛ ግዴታ | ቀነ ገደብ |
|---|---|---|---|---|
| እሳት | እሳት፣ መብረቅ፤ በኢንዶርስመንት ሁከት፣ አድማ፣ የተንኮል ጉዳት | አመፅና ጦርነት፤ እሳቱ የተነሣበት የኤሌክትሪክ ዕቃ ራሱ፤ ከ30 ቀን በላይ ሰው የማይኖርበት ሕንፃ | የንብረቱን መጠን ማስተካከል፤ ቅሪቱን አለመንካት | አደጋው ከታወቀበት ጀምሮ የጽሑፍ ማስታወቂያ በ5 ቀን፤ ዝርዝር የካሳ ጥያቄ በ30 ቀን |
| ዝርፊያ | በር ወይም መስኮት ሰብሮ የተወሰደ | የመስበር ምልክት የሌለው ስርቆት፤ ሠራተኛ የተሳተፈበት | የማታ ዘበኛ፤ የመጋዘን መዝገብ | ለፖሊስ በ24 ሰዓት፤ ለኢንሹራንስ በ5 ቀን |

ስድስተኛ ዓምድ አለው፤ እዚህ ያልከተትኩት የገጽና የአንቀጽ ቁጥር ነው። በቢሮው ግን እሱ ግዴታ ነው። ሠንጠረዥ ውል አይደለም። ክርክር ሲመጣ ማንም ሠንጠረዡን አይቶ አይከፍልም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ሳጥን ወደ ፖሊሲው ገጽ መመለስ መቻል አለበት። ገጹ ያልተጻፈበት ሳጥን ሰው ከአእምሮው የሞላው ሳጥን ነው።

ከሳጥኖቹ ውስጥ አንዱን ልብ በሉ። እሳቱ የተነሣበት የኤሌክትሪክ ሰሌዳ ራሱ አይሸፈንም፤ ወደ ሌላው የተዛመተው እሳት ግን ይሸፈናል። ይህ የተለመደ አንቀጽ ነው። ማሽኑ በራሱ የውስጥ ብልሽት ሲቃጠል የሚሸፍነው የማሽን ብልሽት መድን የሚባለው ሌላ ፖሊሲ ነው። በሁለት ቃል «ኤሌክትሪክ አይሸፍንም» ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ ቢሮ ኃላፊዋ ሙሉው እሳት እንዳልተሸፈነ ቆጥራ ጭራሽ ላታስታውቅ ትችል ነበር። «ኤሌክትሪክ ይሸፍናል» ቢባል ደግሞ ባለቤቱ የሰሌዳውን ዋጋ ይጠብቅ ነበር። ማጠቃለል ማሳጠር ቢሆንም፣ ልዩነቱ ያለበትን ቃል መጣል አይደለም። ጥሩ ሠንጠረዥ ከመጥፎው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። «ይሸፍናል» እና «አይሸፍንም» ብቻ የሚሉ ሳጥኖች ከበዙ ያጠቃለለው ሰው አላነበበም ማለት ነው፤ ፖሊሲ እንደዚያ አይናገርም፤ «ይህ ሲሆን፣ ያ ካልሆነ» እያለ ነው የሚናገረው።

የቀነ ገደቡ ዓምድ ከሁሉም ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቀኑ ብቻ አይበቃም፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሚቆጠር ካልተጻፈ ዋጋ የለውም። አምስቱ ቀን የሚቆጠረው አደጋው መድረሱ ከታወቀበት ነው። ባለቤቱ ውጭ አገር መሆኑ አያራዝመውም፤ ቢሮው አውቋልና። የካሳ ጥያቄ በፍርድ ቤት የሚጠየቅበት ጊዜ በሕጉ ሁለት ዓመት ነው። አንዳንድ ፖሊሲዎች ላይ ግን ከዚህ ያነሰ ጊዜ፣ ለምሳሌ ጥያቄው ውድቅ ከተደረገበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር፣ ተጽፎ ይገኛል። ሕጉና ፖሊሲው ሲለያዩ የቱ እንደሚያሸንፍ የጠበቃ ሥራ ነው። ሠንጠረዡ ላይ የሚጻፈው አጭሩ ነው፤ በአጭሩ የሠራ በረጅሙም አይጎዳም። ስልክ መደወልም ማስታወቂያ እንዳልሆነ በዚያው ሳጥን መጻፍ አለበት። ቢሮ ኃላፊዋ በሦስተኛው ቀን ለብሮከሩ ደውላ ነበር፤ ብሮከሩም «አይዞሽ፣ አሳውቃለሁ» አላት። በፋይሉ ውስጥ ግን ከዘጠነኛው ቀን በፊት የተቀበሉበት ማኅተም ያለው ወረቀት የለም።

ሠንጠረዡን ሳስረክባት ረጅም ጊዜ የእሳቱ መስመር ላይ ቆየች። ከዚያ «ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ እኮ እኔ ጋ ነበር» አለች። ቁልፉ የሷ፣ ፋይሉ የሷ፣ የእድሳቱ ቅጽ በእጇ ያለፈ። ማንም ግን እንድታነበው አልነገራትም፤ የተነገራት ፋይል እንድታደርገው ነው። በዚያ ቢሮ ኢንሹራንስ እንደ ግብር ደረሰኝ ነበር፤ የሚያስፈልገው መከፈሉን ለማሳየት እንጂ ለመነበብ አይደለም። ባለቤቱ ብሮከሩ ያውቃል ይላል፣ ብሮከሩ ደንበኛው አንብቧል ይላል፣ ኢንሹራንሱ ፖሊሲውን ሰጥቻለሁ ይላል። ሦስቱም እውነታቸውን ነው፤ ከሦስቱም መካከል ግን አንድም አንባቢ የለም።

እኔን እስካሁን የሚቆጨኝ የእሳቱ ማታ አይደለም። እሳት ይመጣል፤ ኢንሹራንስም ለዚያ ነው። የሚቆጨኝ ያ የነሐሴ ቅጽ ነው። ለውጥ አለ ወይ ብሎ ቀድሞ የጠየቀው ኢንሹራንሱ ራሱ ነው፤ መልሱ ተጨማሪ አረቦን ቢያስከፍልም 36 ሺህ ብር ብቻ ነበር፤ ዋጋው መጨመሩን የሚያሳየው ደብዳቤ በራሳቸው ማተሚያ ታትሟል። በእጅ ያለ ገንዘብን እንዲህ ቅርብ ሆኖ ማጣት ከስርቆት ይከፋል። ሌባ ቢወስደው ቢያንስ ፖሊስ ጋ ይኬድ ነበር።

ዘንድሮ ነሐሴ ሲመጣ ያው ቅጽ ያው ጥያቄ ይዞ ለብዙ ቢሮ ይደርሳል፤ በሰበታም፣ በቡራዩም፣ በሱሉልታም። ከእነዚያ ቢሮዎች በስንቱ የዕቃው የዛሬ ዋጋና የፖሊሲው ቁጥር ጎን ለጎን በአንድ ገጽ ላይ ተጽፈው እንደሚገኙ ለመናገር አልደፍርም። የሰንዳፋው ቢሮ ግን አሁን ገጹ አለው። 5 ሚሊዮን 940 ሺህ ብር አውጥቶበታል፤ በ36 ሺህ ብርና በአንድ ከሰዓት ሊያገኘው ይችል የነበረውን ያንኑ ገጽ።